የእህል መስፈሪያ ጣሳን ወደ ኪሎግራም መቀየር፦ ለሽያጭ የሚሆን የአሠራር መመሪያ

«አንድ ጣሳ ጤፍ ስንት ኪሎ ነው?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እህላቸውን በጣሳ ሰፍረው ሲሸጡ የቆዩና ገዢ በኪሎ ዋጋ ሲጠራላቸው ወይም በጆንያ ያስቀመጡት እህል ስንት ኩንታል እንደሚወጣው ማወቅ ሲፈልጉ የሚቸገሩ ናቸው። ለጥያቄው ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር መስጠት አልችልም፤ ሆኖም ማንኛውም ሰው የራሱን ጣሳ ቁጥር በአንድ ረፋድ ውስጥ በትክክል ማግኘት ይችላል። ይህ መመሪያ የሚያሳየው ያንን አሠራር ነው።

አንድ ቁጥር የማይኖረው ጣሳ የሚለካው እህሉ የሚይዘውን ቦታ ሲሆን ሚዛን የሚለካው ደግሞ ክብደቱን ስለሆነ ነው። በቦታና በክብደት መካከል ያለው ግንኙነት በሦስት ነገሮች ይለዋወጣል። እነርሱም ጣሳው ራሱ፣ በውስጡ የሚገባው እህልና የሚሰፍረው እጅ ናቸው። ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቀላሉ ያስተውላሉ፤ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኛውን ትኩረታቸውን የሚሰጡት አሰፋፈሩን አንድ ዓይነት ለማድረግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለሽያጭ የሚጠቀሙበት ጣሳ ራሱ። ተመሳሳይ ነው ተብሎ ሌላ ጣሳ አይተካም።
- የ10 ግራም ልዩነት የሚያሳይና ቢያንስ እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን ሚዛን።
- እህሉን ለመጨለፍ የሚሆን ሌላ አነስተኛ ዕቃ።
- ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ከጣሳው አፍ የሚረዝም እንጨት ወይም ማስመሪያ።
- ቢያንስ 15 ኪሎ የሚሆን፣ ሊሸጥ የተዘጋጀ እህል።
- እህሉ ሲፈስ የሚሰበሰብበት ንጹሕ ሸራ ወይም ሰፌድ።
- አሥር ጣሳ እህል የሚይዝ ጠንካራ ከረጢት።
- ውሃ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

ደረጃ 1፦ ሚዛኑን ይፈትሹ

ሚዛኑን በማይነቃነቅና በተስተካከለ ቦታ ላይ ያስቀምጡት፤ ባዶ ሲሆን ዜሮ ማሳየቱንም ያረጋግጡ። ዲጂታል ሚዛን ከሆነ አንድን ዕቃ መጀመሪያ መሐል ላይ፣ ቀጥሎም በአራቱም ማዕዘኖች ላይ እያስቀመጡ ይመዝኑ። ንባቦቹ ከተለያዩ ሚዛኑ በትክክል አልተቀመጠም ወይም ተጎድቷል ማለት ነው። ባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን ከሆነ እህሉንና የሚዛኑን ድንጋይ ቦታ ቀያይረው ይመዝኑ፤ ሚዛኑ ትክክል ከሆነ ቦታ ሲቀያየርም እኩል ይቆማል።

የታወቀ ክብደት ያለው ዕቃ ካላገኙ ያልተከፈተ የ2 ሊትር የታሸገ ውሃ ይጠቀሙ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሚዛኑ ጠርሙሱን ጨምሮ ከ2 ኪሎ ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ማሳየት ይኖርበታል። ይህ ፍተሻ ትልቅ ስሕተትን ብቻ ነው የሚያጋልጠው፤ ለንግድ የሚውል ሚዛን ተመርምሮ የማረጋገጫ ምልክት የተደረገበት መሆን አለበት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ጆንያ የሚመዘንበትን ትልቅ የሚንጠለጠል ሚዛን አንድ ጣሳ እህል ለመመዘን አይጠቀሙበት። በግማሽ ኪሎ እየዘለለ የሚያነብ ሚዛን ከአንድ ኪሎ በታች ለሆነ ነገር የሚሰጠው ቁጥር ግምት ነው።

ደረጃ 2፦ እህሉን በሚሸጥበት ሁኔታ ያዘጋጁ

የሚመዝኑት እህል ለገዢው ከሚቀርበው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ነፍተውና አበጥረው የሚሸጡ ከሆነ አስቀድመው ይንፉት፤ ያበጥሩትም። ገለባ ቦታ እየያዘ ክብደት ስለሌለው የጣሳውን ክብደት ይቀንሳል፤ አፈርና ጠጠር ደግሞ ከእህሉ ስለሚከብዱ ይጨምሩታል። ሁለቱ በአንድ እህል ውስጥ ሲገኙ አንዱ የሌላውን ጥፋት ሊሸፍን ስለሚችል የተገኘው ቁጥር ትክክል መስሎ ሊታይ ይችላል።

ናሙናውን ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አይውሰዱ። ጆንያ ሲጫንና ሲወርድ ስለሚናጥ ደቃቁ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ቀላሉም ወደ ላይ ይወጣል። እህሉን ሸራ ላይ ገልብጠው በደንብ ካደባለቁት በኋላ ይስፈሩ።

ደረጃ 3፦ የአሰፋፈሩን ዓይነት ይወስኑ

ጣሳ በሁለት መንገድ ይሰፈራል። አንደኛው አፉ ድረስ ከተሞላ በኋላ ትርፉ በእንጨት ሲጠረግ ነው፤ ይህን በዚህ መመሪያ «ጥርግ ጣሳ» እለዋለሁ። ሁለተኛው እህሉ ከአፉ በላይ ጉብ ብሎ እስኪፈስ ድረስ ሲቆለል ነው፤ እርሱን ደግሞ «ቁልል ጣሳ» እለዋለሁ። ሁለቱ የተለያዩ መስፈሪያዎች ናቸው፤ ቁጥራቸውም ለየብቻ ሊወጣ ይገባል።

ምርጫው የእርስዎ ከሆነ ጥርግ ጣሳን ይምረጡ። በጥርግ ጣሳ ላይ መጠኑን የሚወስነው የጣሳው ጠርዝ ሲሆን በቁልል ጣሳ ላይ ግን የሰፋሪው እጅ ነው። አንዱ ሰፋሪ ቁልሉን በጣቶቹ ደግፎ ከፍ ያደርገዋል፣ ሌላው ጣሳውን ሲያነሣው ነቅንቆ ያፈሰዋል። ገዢዎች ቁልል ካልሆነ የማይቀበሉ ከሆነ የሁለቱንም ቁጥር ያውጡ፤ ለራስዎ ሒሳብ ግን ጥርጉን ይጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ በአንድ ዓይነት አኳኋን ይስፈሩ

ይህ የሥራው ዋና ክፍል ስለሆነ ሳይቸኩሉ ይሥሩት። ጣሳውን ሸራው ላይ በተስተካከለ ቦታ ያስቀምጡ። እህሉን በሌላው ዕቃ ጨልፈው ከጣሳው አፍ ሦስት ጣት ያህል ከፍታ ላይ ሆነው፣ ሳያቋርጡና ሳይቸኩሉ፣ ከአፉ አልፎ በዙሪያው እስኪፈስ ድረስ ወደ መሐል ያፍስሱ። ከዚያም ጣሳውን ሳይነኩት እንጨቱን በጠርዙ ላይ አጋድመው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ይጥረጉት። እንጨቱ እህሉን ወደ ታች መጫን የለበትም፤ በጠርዙ ላይ ብቻ መንሸራተት አለበት።

የማፍሰሻው ከፍታ የሚወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። እህል ከከፍታ ሲወድቅ ፍሬዎቹ ይበልጥ ተጠጋግተው ስለሚያርፉ በዚያው ጣሳ ውስጥ ብዙ እህል ይገባል። ጣሳውን መሬት ላይ መታ ማድረግ ወይም መነቅነቅም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ እህሉ ወዲያውኑ ሲሰምጥና ከላይ ባዶ ቦታ ሲከፈት በዓይን ይታያል። ጣሳውን እህሉ ክምር ውስጥ አስገብቶ መዛቅ ደግሞ አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ ሌላ ጊዜ አላልቶ ስለሚሞላው ለመለኪያ ሥራ አይመከርም። ገበያ ላይ ሲሸጡ የሚዝቁ ከሆነ ግን ቁጥሩንም በመዛቅ ማውጣት አለብዎት፤ ቁጥሩ የሚሠራው ለወጣበት አሰፋፈር ብቻ ነውና።

ደረጃ 5፦ አሥር ጣሳ በአንድነት ይመዝኑ፤ ሦስት ጊዜም ይድገሙት

ባዶውን ከረጢት ይመዝኑና ክብደቱን ይጻፉ። ከዚያ አሥር ጥርግ ጣሳ እየሰፈሩ ወደ ከረጢቱ ይገልብጡና በአንድነት ይመዝኑ፤ የከረጢቱንም ክብደት ይቀንሱ። እህሉን ወደ ክምሩ መልሰው፣ አደባልቀው፣ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ይሥሩ። እንዲህ ሦስት ጊዜ ያድርጉ።

አሥር ጣሳ መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ አንዱ ጣሳ ጥቂት በዝቶ ሌላው ጥቂት ሲያንስ ልዩነቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁለተኛ፣ ሚዛኑ 10 ግራም ቢሳሳት ስሕተቱ ለአሥር ጣሳ ስለሚካፈል ለአንዱ ጣሳ የሚደርሰው 1 ግራም ብቻ ይሆናል። ሦስት ጊዜ መድገሙ ደግሞ እጅዎ አንድ ዓይነት መሥራቱን ያሳይዎታል።

በምሳሌ ላሳይ። አፉ 11 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጣሳ ወስደን በነጭ ጤፍ ብንሠራ የከረጢቱ ክብደት ከተቀነሰ በኋላ አሥር ጥርግ ጣሳ በመጀመሪያው ዙር 8.95፣ በሁለተኛው 9.00፣ በሦስተኛው 8.98 ኪሎ መዘነ እንበል። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ኪሎ ነው፤ ይህም ከመቶ 1 እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ አሰፋፈሩ ጥሩ ነው። ልዩነቱ ከመቶ 2 ካለፈ (ለአሥር ጣሳ 180 ግራም ያህል ከሆነ) አማካይ ለማውጣት አይቸኩሉ፤ ወደ ደረጃ 4 ተመልሰው አፈሳሰስዎንና አጠራረግዎን ያስተካክሉ።

በዚያው ጣሳ ቁልል ሲሰፈር ሦስቱ ዙሮች 9.62፣ 9.85 እና 9.57 ኪሎ ሰጡ እንበል። እዚህ ላይ ልዩነቱ 0.28 ኪሎ ስለሆነ ከጥርጉ አምስት እጥፍ በላይ ይዋዥቃል። ቁልል ጣሳ የማያስተማምንበት ምክንያት በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ደረጃ 6፦ መቀየሪያ ቁጥሩን ያስሉ

ሦስቱን ደምረው ለ3 ያካፍሉ፣ ውጤቱንም ለ10 ያካፍሉ፦

```
ጥርግ፦ (8.95 + 9.00 + 8.98) ÷ 3 = 8.977 ኪሎ
      8.977 ÷ 10 = 0.898 ኪሎ በጣሳ

ቁልል፦ (9.62 + 9.85 + 9.57) ÷ 3 = 9.68 ኪሎ
      9.68 ÷ 10 = 0.968 ኪሎ በጣሳ
```

ስለዚህ የዚህ ጣሳ መቀየሪያ ቁጥር ለዚህ ጤፍ በጥርግ 0.898፣ በቁልል 0.968 ነው። በሁለቱ መካከል 70 ግራም ልዩነት አለ። ለአንድ ጣሳ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በኩንታል ግን ይከብዳል። 100 ኪሎ ለመሸጥ በጥርግ ቁጥር አስልተው 111 ጣሳ ቢሰፍሩና እጅዎ ግን ቁልል ቢሰፍር የሚያስረክቡት 107 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ነው። ከ7 ኪሎ በላይ ጤፍ ሳይከፈልበት ሄደ ማለት ነው።

ቁጥሩን ሲጽፉ አራት ነገሮችን አብረው ይጻፉ፦ የትኛው ጣሳ እንደሆነ፣ የምን እህል እንደሆነ፣ ጥርግ ወይም ቁልል መሆኑን እና የተመዘነበትን ቀን። እነዚህ የሌሉበት ቁጥር ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጣሳው ላይም በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉ።

ደረጃ 7፦ የጣሳውን ይዘት በውሃ ይለኩ

ይህን ደረጃ ከእህሉ በኋላ ያደረግሁት ጣሳው እስከዚያ ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ነው፤ በረጠበ ጣሳ ላይ ደቃቅ እህል ስለሚጣበቅ አሰፋፈሩ ይበላሻል። ባዶውን ጣሳ ይመዝኑ፣ ከዚያ እስከ ጠርዙ ውሃ ሞልተው እንደገና ይመዝኑ። ልዩነቱ በግራም ሲነበብ የጣሳውን ይዘት በሚሊ ሊትር ይሰጥዎታል። በምሳሌያችን የውሃው ክብደት 1,060 ግራም ሆነ እንበል፤ ስለዚህ ጣሳው 1.06 ሊትር ይይዛል።

ይህ ቁጥር ለሁለት ነገር ይጠቅማል። የመጀመሪያው ስሌትን መፈተሽ ነው። 0.898ን ለ1.06 ሲያካፍሉት 0.85 ያህል ይወጣል፤ ይህም አንድ ሊትር ጤፍ 850 ግራም ያህል ይመዝናል ማለት ስለሆነ ለንጹሕና ለደረቅ ጤፍ ተገቢ ነው። ንጹሕ ስንዴ በሊትር 770 ግራም፣ በቆሎ 720 ግራም፣ ገብስ ደግሞ 620 ግራም አካባቢ ይመዝናሉ። ገብስ የሚቀለው ፍሬውን የሸፈነው ቅርፊት ቦታ ስለሚይዝ ነው። የእርስዎ ውጤት ከእነዚህ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አያስደንቅም፤ ነገር ግን ለምሳሌ ስንዴ በሊትር ከ1 ኪሎ በላይ ከወጣልዎ ሚዛኑን፣ የከረጢቱን ቅናሽ ወይም የጣሳ ቆጠራውን ይመርምሩ። እነዚህ ቁጥሮች መፈተሻ ብቻ ናቸው፤ በመለኪያ ምትክ ለሽያጭ አይጠቀሙባቸው።

ሁለተኛው ጥቅም ጣሳው ሲጎዳ ማወቅ ነው። ጎኑ የተጨፈለቀ ወይም ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የገባ ጣሳ ከውጭ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል። በውሃ ሲለካ ግን ከመጀመሪያው ያነሰ ቁጥር ይሰጣል፤ ያኔ የድሮው መቀየሪያ ቁጥር አይሠራም። ከለኩ በኋላ ጣሳውን ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን በአንድ ጆንያ ላይ ይፈትኑ

መቀየሪያ ቁጥሩን ገበያ ላይ ከመጠቀምዎ በፊት በትልቅ መጠን ይሞክሩት። አንድ ጆንያ እህል በጥርግ ጣሳ እየቆጠሩ ይሙሉ። የቆጠሩትን በመቀየሪያ ቁጥሩ ያባዙ፣ ከዚያም ጆንያውን በትልቅ ሚዛን ይመዝኑና የባዶውን ጆንያ ክብደት ይቀንሱ። 58 ጣሳ ገብቶ ቢሆን ስሌቱ 58 × 0.898 = 52.1 ኪሎ ይሆናል። ሚዛኑ ከነጆንያው 52.6 ኪሎ፣ ባዶው ጆንያ ደግሞ 0.15 ኪሎ ከሆነ የተጣራው ክብደት 52.45 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ከመቶ 1 በታች ስለሆነ ቁጥሩ ይታመናል።

ስሌቱና ሚዛኑ ከመቶ 2 በላይ ከተራራቁ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ሰፋሪው እየደከመው ሲሄድ አጠራረጉ ተለውጧል፤ ወይም ቆጠራው ላይ አንድ ሁለት ጣሳ ተዘሏል፤ ወይም ሁለቱ ሚዛኖች አይስማሙም። ለቆጠራው በየአሥሩ ጣሳ አንድ ጠጠር ማስቀመጥ ይረዳል። ሚዛኖቹን ለማስማማት ደግሞ አንድን ከረጢት በሁለቱም ይመዝኑ።

ደረጃ 9፦ ዋጋውን ይቀይሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ማካፈልና ማባዛት የት የት እንደሚገባ ልብ ይበሉ፦

```
የጣሳ ዋጋ = የኪሎ ዋጋ × መቀየሪያ ቁጥር
የኪሎ ዋጋ = የጣሳ ዋጋ ÷ መቀየሪያ ቁጥር
የጣሳ ብዛት = ኪሎ ÷ መቀየሪያ ቁጥር
```

ለስሌት እንዲመች ገዢው ለኪሎ 120 ብር ሰጠ እንበል። ጥርጉ ጣሳ 120 × 0.898 = 107.76 ብር ያወጣል፤ ቁልሉ ደግሞ 120 × 0.968 = 116.16 ብር። በማባዛት ፋንታ ቢያካፍሉ ለጥርጉ 133.63 ብር ይወጣና ገዢውን ያስቀይማል። ስሕተቱን ለመያዝ አንድ ቀላል ማረጋገጫ አለ። ጣሳው ከ1 ኪሎ በታች የሚይዝ ከሆነ የጣሳው ዋጋ ከኪሎው ዋጋ ማነስ አለበት፤ ከ1 ኪሎ በላይ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ መብለጥ አለበት።

በስሌቱ መሐል ቁጥሮችን አያጠጋጉ። 0.898ን «0.9 ነው» ብለው 100 ጣሳ ቢያሰሉ ልዩነቱ 200 ግራም ብቻ ነው፤ «ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል» ቢሉ ግን 10 ኪሎ ያህል ያልነበረ እህል ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ማጠጋጋት ካስፈለገ የመጨረሻው የብር ድምር ላይ ብቻ ይሁን።

ስለ ቁና እና ስለ ሌሎች አፈ ሰፊ መስፈሪያዎች

አሠራሩ ለቁናም ያው ነው፤ አንድ ነገር ግን ተለይቶ መታወቅ አለበት። በመስፈሪያ ላይ የሚቆለለው እህል የሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል፤ አፉ በሰፋ ቁጥር የሾጣጣው መሠረትም ከፍታውም አብረው ይጨምራሉ። በዚህ ምክንያት የአፉ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ቁልሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በምሳሌው ጣሳ 11 ሳንቲሜትር አፍ ላይ 70 ግራም የነበረው የጤፍ ቁልል አፉ 30 ሳንቲሜትር በሆነ ቁና ላይ 1.4 ኪሎ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በቁና «ጥርግ ነው ወይስ ቁልል?» የሚለውን ሳይስማሙ መሸጥ በጣሳ ከሚደርሰው የላቀ ጉዳት ያመጣል።

ቁና ከስንደዶ ወይም ከአክርማ የተሰፋ ስለሆነ ውሃ አይሞላም። ይዘቱን ማወቅ ከፈለጉ ይዘቱ በታወቀው ጣሳ ጥርግ እየሰፈሩ እስከ ጠርዙ ስንት እንደሚገባ ይቁጠሩ። ቁናው በአገልግሎት ብዛት ስለሚለጠጥ አፉም ስለሚጣመም ከጣሳ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መመዘን አለበት።

ስለ ጆንያ

ጆንያን በዓይን አይቶ ወደ ኪሎ መቀየር አይቻልም። «ኩንታል» የሚለው ቃል 100 ኪሎንም፣ ትልቁን ጆንያም ለመጥራት ስለሚውል ብዙ ሻጭ አንድ ሙሉ ጆንያ ሁልጊዜ 100 ኪሎ ይመስለዋል። 100 ኪሎ ስንዴ አፉ ድረስ የሚሞላው ጆንያ 130 ሊትር ያህል ይይዛል። ያው ጆንያ ገብስ ቢሞላ 80 ኪሎ አካባቢ፣ ጤፍ ቢሞላ ደግሞ 110 ኪሎ ያህል ይሆናል። በዚህ ላይ እህሉ በረገጣ ወይም በመነቅነቅ ሲጠቀጠቅ ይጨምራል፤ የጆንያው ጨርቅም ይለጠጣል። 50 ኪሎ የተጻፈበት የማዳበሪያ ከረጢትም ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ማዳበሪያው እንጂ እርስዎ ስለሞሉት እህል አይደለም።

ስለዚህ ጆንያ ሁልጊዜ ይመዘን፤ ትልቅ ሚዛን በሌለበትም በጥርግ ጣሳ ይቆጠር። የባዶውን ጆንያ ክብደት መቀነስዎን አይርሱ። የቃጫ ጆንያ ከላስቲኩ በጣም ይከብዳል፤ ስለዚህ በሚጠቀሙበት ዓይነት አሥር ባዶ ጆንያ በአንድነት መዝነው ለአሥር ያካፍሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ እርጥበት

ትኩስ እህል ከደረቀ በኋላ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቅናሹም የሄደው ውሃ ነው። እርጥበቱ ከመቶ 16 የሆነ 100 ኪሎ እህል ውስጥ 84 ኪሎው ደረቅ ነገር ነው። እርጥበቱ ወደ 12 ሲወርድ ያ 84 ኪሎ ከጠቅላላው 88 ከመቶውን ስለሚይዝ ጠቅላላ ክብደቱ 84 ÷ 0.88 = 95.5 ኪሎ ያህል ይሆናል። ማንም ሳይነካው 4 ኪሎ ተኩል ቀነሰ ማለት ነው። የረጠበ ፍሬ ያብጣል፣ በቀላሉም አይንሸራተትም፤ ስለዚህ በጣሳው ውስጥ የሚደረደርበት ሁኔታም ይለወጣል። በአዝመራ ሰሞን የወጣ መቀየሪያ ቁጥር ከወራት በኋላ ለደረቀው እህል እንደገና መመዘን ያለበት ለዚህ ነው። ገዢው የጎደለውን በስርቆት እንዳይጠረጥር ርክክቡ በተደረገበት ቀን በሁለቱ ፊት ይመዘን።

የተለመዱ ስሕተቶች

1. *የአንዱን እህል ቁጥር ለሌላው መጠቀም።* በምሳሌው ጣሳ 898 ግራም ጤፍ የገባበት ቦታ 660 ግራም ያህል ገብስ ብቻ ይይዛል። ለእያንዳንዱ እህል የተለየ ቁጥር ይኑር። ዱቄትም ከተፈጨበት እህል የተለየ ነው፤ ሲነቀነቅ በጣም ስለሚሰምጥ በጣሳ መሸጡ አይመከርም።

2. *በጥርግ መዝኖ በቁልል መሸጥ።* በራስ ጣሳ ላይ ከሚደርሱት ኪሳራዎች ትልቁ ይህ ነው። ሰፋሪው ሌላ ሰው ከሆነ ቁጥሩን ያወጣችሁበትን አሰፋፈር በዓይኑ አይቶ አብሯችሁ አሥር ጣሳ ይስፈርና ይመዘን፤ የእርሱ አሥር ጣሳ ከእርስዎ ከመቶ 2 በላይ ከተለየ የሚሸጠው እርሱ እስከሆነ ድረስ በእርሱ እጅ የወጣው ቁጥር ይያዝ።

3. *የከረጢቱን ወይም የጣሳውን ክብደት ሳይቀንሱ መተው።* ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ በድግግሞሽ አይጣፋም። ውጤቱ ከጠበቁት ሁልጊዜ የሚበልጥ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

4. *አንድ ጣሳ ብቻ መዝኖ መቁጠር።* አንዱ ጣሳ ከመቶ 2 ወይም 3 ሊለይ ይችላል፤ ያ ልዩነት በመቶ ጣሳ ሲባዛ የኪሎዎች ጉድለት ይሆናል።

5. *የገዢውን ጣሳ በራስ ቁጥር ማስላት።* ገዢው በራሱ ጣሳ ልስፈር ካለ ጣሳው ከእርስዎ ጋር እኩል መሆኑን በእህል ይፈትሹ። የእርስዎን ጥርግ ጣሳ ወደ እርሱ ይገልብጡት፤ ሳይነቀነቅ ከአፉ በታች ከቀረ የእርሱ ይበልጣል። ያን ጊዜ በእርሱ ጣሳ አሥር ሰፍረው ይመዝኑና ዋጋውን በሚወጣው ቁጥር ይነጋገሩ።

ቁጥሩን እንደገና ማውጣት የሚያስፈልገው ጣሳው ሲቀየር ወይም ሲጎዳ፣ አዲስ ምርት ሲገባ፣ እህሉ በጣም ሲደርቅ ወይም ሲረጥብ እና ሰፋሪው ሲለወጥ ነው። ከእነዚህ አንዱም ካልተከሰተ በየጊዜው አሥር ጥርግ ጣሳ አንድ ጊዜ ብቻ መዝኖ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ በምሳሌው ጣሳ ንባቡ ከ8.80 እስከ 9.16 ኪሎ ባለው ውስጥ ካረፈ የቀድሞው ቁጥር ይቀጥላል።